የሜኑ ፎቶን ወደ ሠንጠረዥ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምጽፈው ደሴ ካለች ትንሽ ኮምፒውተር ቤት ሆኜ ነው። ዋጋ በተነካ ቁጥር የምግብ ቤት ባለቤቶች ሜኑ ይዘው ይመጣሉ፤ "ይቺን አድስልኝ" ይላሉ። የድሮው ፋይል ግን የለም። የሠራው ልጅ ከተማ ቀይሯል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል። ያለው አንድ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ነው፣ ወይም በቴሌግራም የዞረ ፎቶ። ከዚያ ፎቶ ስሙን፣ መግለጫውንና ዋጋውን አውጥቶ በሠንጠረዥ ስለማስቀመጥ ከደሴም ከኮምቦልቻም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ፎቶውን ወደ ጽሑፍ ስቀይረው ዋጋው ከምግቡ ጋር ለምን አይገጥምም?

ፊደል አንባቢው ፕሮግራም፣ ኦሲአር የምንለው፣ ፊደሉን ከማንበቡ በፊት ገጹን ይከፋፍላል። ለመከፋፈል የሚያየው ነጩን ቦታ ነው። ከላይ እስከ ታች የወረደ ሰፊ ነጭ ቦታ ካገኘ "አንዱ ዓምድ እዚህ ጋ አለቀ" ብሎ ይወስናል። ጋዜጣ ላይ ይህ ልክ ነው። ሜኑ ላይ ግን ነጩ ቦታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የጾሙን ዝርዝር ከፍስኩ ይለያል። ሌላው "ሽሮ ፈሰስ" ከሚለው ስም እስከ ዋጋው ድረስ ያለው ክፍተት ነው። እኛ አይተን ወዲያው እንለየዋለን። ለፕሮግራሙ ግን ሁለቱም ያው ነጭ ናቸው።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ ስሞቹን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይጽፍና ከዚያ ዋጋዎቹን ለብቻ ይደረድራል። የሚወጣው ይህን ይመስላል፦

```
በያይነቱ
ሽሮ ፈሰስ
ተጋቢኖ
180
130
150
```

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ነጩን ቦታ ሳያይ ይቀርና ሦስቱንም ዓምድ አቋርጦ በአንድ መስመር ያነባል፤ "ሽሮ ፈሰስ 130 ጥብስ 420 ማኪያቶ 50" ብሎ ይጽፋል። ይሄኛው ያናድዳል እንጂ አያታልልም። ስህተቱ ፊት ለፊት ይታያል፣ ታስተካክሉታላችሁ።

የሚያታልለው የመጀመሪያው ነው። ስሙም ንጹሕ፣ ቁጥሩም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሰው ሁለቱን ዝርዝር ኮፒ አድርጎ ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን ይለጥፋቸዋል። ልክ ይመስላል። መሀል ላይ አንድ ዋጋ ጎድሎ ከሆነ ግን ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ደረጃ ከፍ ይላል።

ይህ እውነት ያጋጥማል? ቁጥሩ እንዴት ሊጎድል ይችላል?

እኔን አጋጥሞኛል፣ ያውም አሳፍሮኛል። ሜኑው የአንድ ፒያሳ አካባቢ ያለ ምግብ ቤት ነበር። ሦስት ዓምድ አለው፤ በግራ የጾም፣ በመሀል የፍስክ፣ በቀኝ መጠጥ። የጾሙ ዓምድ ዘጠኝ ምግብ ይዟል፤ በያይነቱ፣ ሽሮ ፈሰስ፣ ተጋቢኖ፣ ምስር ወጥ፣ አሳ ጉላሽ፣ የጾም ፍርፍር፣ ሩዝ በአትክልት፣ ፓስታ በአትክልት፣ ሱፍ ፍትፍት።

አሳው ከሐይቅ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን አይገኝም፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከጎኑ ቁጥር የለም። "እንደ ገበያው" ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ከዋጋው ዓምድ ቁጥር ብቻ ነበር የለቀምኩት። ዘጠኝ ስም፣ ስምንት ቁጥር። አልቆጠርኩም። ጎን ለጎን ለጠፍኩት።

የሆነው ይህ ነው። እስከ ምስር ወጥ ድረስ ሁሉም ልክ ነው። አሳ ጉላሽ የፍርፍሩን 120 ወሰደ። ፍርፍሩ የሩዙን 160 ወሰደ። ሩዙ የፓስታውን 150፣ ፓስታው የሱፍ ፍትፍቱን 140 ወሰዱ። ሱፍ ፍትፍት ባዶውን ቀረ። እኔም "የመጨረሻዋ አልተነበበችም" ብዬ ከወረቀቱ አይቼ 140 ሞላሁላት። ስህተቱን በገዛ እጄ ሸፈንኩት ማለት ነው።

ባለቤቷ ስልክ ስትደውል ሰላምታ አልነበረም። "አሳ በመቶ ሃያ? ልጄ፣ ልታከስረኝ ነው እንዴ?" አለችኝ። ፍርፍር 160 መባሉን ያየችው በኋላ ነው። እሱንም አልማረችኝም።

ልብ በሉ፣ 120ም 160ም ለሜኑ የማይሆኑ ዋጋዎች አይደሉም። አሳው ባይኖር ኖሮ ማንም አይነቃም ነበር። ፊደል ሲሳሳት ዓይን ይይዘዋል። ትክክለኛ ቁጥር የተሳሳተ ቦታ ሲቀመጥ ግን ዓይን ዝም ብሎ ያልፋል።

ታዲያ ስምና ዋጋን በምንድን ነው የማጣምረው?

በቅደም ተከተል ሳይሆን በቦታ። አንድ ዋጋ የማን እንደሆነ የሚነግራችሁ ከላይ ስንተኛ መሆኑ አይደለም። ወረቀቱ ላይ በየትኛው ከፍታ መቀመጡ ነው።

ፕሮግራሞቹ ይህን ይሰጣሉ፣ ካልጠየቅናቸው ግን አይናገሩም። እኔ የምጠቀመው ቴሰራክትን ነው። ነፃ ነው፣ አማርኛ ያነባል፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ አይቆምብኝም። ኡቡንቱ ላይ የአማርኛውን ፋይል እንዲህ ትጭናላችሁ፦

```
sudo apt install tesseract-ocr tesseract-ocr-amh
```

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ `amh.traineddata` የሚባለውን ፋይል ፕሮግራሙ ውስጥ ባለው `tessdata` ፎልደር ማስገባት ነው። ከዚያ ትዕዛዙ ይህ ነው፦

```
tesseract tsom.png tsom -l amh+eng --psm 6 tsv
```

መጨረሻ ላይ ያለችው `tsv` ናት ሥራውን የምትሠራው። እሷ ከሌለች የሚወጣው ተራ ጽሑፍ ነው። እሷ ካለች ግን ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ረድፍ ይጻፋል፤ ቃሉ ከግራ ስንት ፒክስል ርቆ እንደሚጀምር፣ ከላይ ስንት ፒክስል እንደሚወርድ፣ ስፋቱና ቁመቱ ስንት እንደሆነ። ፋይሉ ሌሎች ዓምዶችም አሉት። እኛን የሚመለከቱን እነዚህ ናቸው፤ ከዚያው ሜኑ የተወሰዱ ሦስት ረድፎች፦

```
left  top  width  height  text
140   902  96     44      አሳ
140   972  118    44      የጾም
1010  976  92     36      120
```

እስቲ እናስላው። የቃሉን መሀል ለማግኘት የቁመቱን ግማሽ `top` ላይ መደመር ነው። አሳ፦ 902 ሲደመር 22፣ 924። "የጾም" (የፍርፍሩ መጀመሪያ)፦ 972 ሲደመር 22፣ 994። ዋጋው 120፦ 976 ሲደመር 18፣ 994። 120 ከአሳው 70 ፒክስል ይርቃል፤ ከፍርፍሩ ግን ርቀቱ ዜሮ ነው። የፍርፍሩ ነው፣ አለቀ። አሳው አጠገብ ቁጥር የለም፤ ባዶውን ይቀመጣል።

መለያ ደንቡ ቀላል ነው። የስሙና የዋጋው መሀል ልዩነት ከአንድ መስመር እርቀት ግማሽ ማነስ አለበት። እዚህ ሜኑ ላይ ከአንዱ ምግብ እስከ ሌላው 70 ፒክስል ነው፣ ስለዚህ ገደቡ 35 ነው። ከ35 በላይ የራቀን ዋጋ ለማንም አትስጡት። ለብቻው አስቀምጡትና ወረቀቱን ተመልከቱ።

ይህን በኤክሴል ቀመርም መሥራት ይቻላል። ፓይተን የሚችል ሰው ደግሞ በጥቂት መስመር ይጨርሰዋል። ሠላሳ ምግብ ብቻ ከሆነ `top` የሚለውን ዓምድ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩት፤ ስምና ዋጋው ራሳቸው ተጠጋግተው ይመጣሉ። በዓይን ማጣመር ነው።

`--psm` ምንድን ነው? ስድስት ለምን?

ገጹን እንዴት እንዲያየው የምትነግሩበት ቁጥር ነው። ካልነገራችሁት በ3 ይሠራል፤ 3 ማለት "ዓምዱን አንተው ፈልግ" ማለት ነው። ዋጋዎቹን ለብቻ የሚደረድረው ያኔ ነው። 6 ማለት "ይህ አንድ ወጥ ጽሑፍ ነው፣ አትከፋፍለው" ማለት ነው። ያኔ ስምና ዋጋን በአንድ መስመር ያነባቸዋል። ግን 6ን የምትጠቀሙት ፎቶው አንድ ዓምድ ብቻ ሲይዝ ነው። ሙሉውን ባለሦስት ዓምድ ገጽ በ6 ካነበባችሁት ያ አቋርጦ የማንበብ ችግር ይመጣል።

ስለዚህ ፎቶውን መቁረጥ ግድ ነው?

ግድ ነው እላለሁ። አንዳንድ ሰው "ፕሮግራሙ ራሱ ይለየው" ይላል። ይለያል፣ አንዳንዴ። እኔ ግን ሁለት ደቂቃ ወስጄ ሦስት ቦታ ብቆርጠው እመርጣለሁ። የጾሙን ከነዋጋው አንድ ምስል፣ የፍስኩን ከነዋጋው አንድ፣ መጠጡን አንድ። ስሙን ከዋጋው ለይታችሁ እንዳትቆርጡ ብቻ፤ ያን ካደረጋችሁ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለሳችሁ።

በማንኛውም የፎቶ ፕሮግራም ይቆረጣል። ቁጥር የሚቀናው ደግሞ ኢሜጅማጂክ 7ን መጠቀም ይችላል፦

```
magick menu.jpg -deskew 40% +repage dirz.png
magick dirz.png -crop 1150x3300+80+320 +repage tsom.png
```

የመጀመሪያው መስመር የተጣመመውን ያቀናል። ሁለተኛው ስፋቱ 1150፣ ቁመቱ 3300 የሆነ ክፍል ይቆርጣል፤ ከግራ 80፣ ከላይ 320 ፒክስል ገብቶ። ቁጥሮቹ የእኔ ሜኑ ናቸው። የእናንተ ሌላ ይሆናል።

መቁረጥ ሌላም ጥቅም አለው። የዓምዱ ርዕስ አይጠፋም። "ቦዘና ሽሮ" ሥጋ አለው፤ ሜኑው ላይ ፍስክ ሥር ነው ያለው። ዓምዶቹ ሲደባለቁ ሽሮ ስለሚል ብቻ ከጾሙ ሽሮዎች መሀል ገብቶ አይቻለሁ። ሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ረድፍ የራሱን "ክፍል" መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። ርዕሱን አንዴ ከላይ ጽፋችሁ አትተዉት። ረድፎቹ በስም ወይም በዋጋ የተደረደሩ ዕለት ያ ርዕስ ትርጉም ያጣል።

ፎቶውን እንዴት ላንሳው?

ከሁሉ በላይ ቀጥ ይበል። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ከላይ ባለው ምሳሌ ስሙ 140 ላይ ይጀምራል፣ ዋጋው 1010 ላይ። መሀላቸው 870 ፒክስል ነው። ፎቶው 1 ዲግሪ ካዘነበለ ዋጋው ከስሙ በ15 ፒክስል ገደማ ይወርዳል ወይም ይወጣል። 2 ዲግሪ ከሆነ 30 ገደማ ነው። ገደባችን ደግሞ 35 ነበር። ትንሽ ከተጨመረ ዋጋው ወደ ጎረቤቱ ምግብ ተሻገረ ማለት ነው። 2 ዲግሪ ደግሞ በዓይን የማይታወቅ ነገር ነው፤ ስልክ በአንድ እጅ የያዘ ሰው ሁሉ ያዘነብለዋል።

`-deskew` ማዘንበልን ያቀናል። ስልኩ ወደ ፊት አጎንብሶ የተነሳን ፎቶ ግን አያድነውም። እንዲህ ያለው ፎቶ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ይላል። ለእሱ የሰነድ ስካን አፕ ተጠቀሙ፤ የወረቀቱን አራት ማዕዘን ይዞ ያስተካክለዋል። ከሁሉ የሚሻለው ሜኑውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከላይ ቀጥ ብሎ ማንሳት ነው።

ቀጥሎ ነጸብራቅ። ላሚኔት ያበራል። ፍላሽ አጥፉ። ደሴ ላይ በዚህ ዕድለኞች ነን፤ ጦሳ ላይ ደመና የተኛበት ጠዋት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ጥላ አይጥልም። ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ውስጥ ካነሳችሁት ግን ወረቀቱ መሀል ነጭ ንጣፍ ይወጣል፣ ከሥሩ ያለው ዋጋ አይነበብም። ቤት ገብታችሁ መስኮት አጠገብ አንሱት።

ሌላው ርቀት ነው። የአማርኛ ፊደል ልዩነት ትንንሽ ጭረት ላይ ነው። በ፣ ቡ እና ቢን የሚለያቸው በቀኝ በኩል ያለች አንዲት ጭረት ናት፤ ቡ ላይ ወገቡ ጋ፣ ቢ ላይ እግሩ ጋ። ፊደሉ ፎቶው ላይ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ትንሹ ጽሑፍ፣ ማለትም መግለጫው፣ ቢያንስ 30 ፒክስል ገደማ ቁመት እንዲኖረው እሞክራለሁ። ሜኑው ትልቅ ከሆነ በሁለትና በሦስት ፎቶ አንሱት።

ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልህ ለምን "አይነበብም" ትላለህ?

እንደ ፎቶ ስለላካችሁት ነው። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል። ስልካችሁ ላይ ጥርት ያለው መግለጫ እኔ ጋ ሲደርስ ደብዝዟል። እንደ ፋይል ላኩት፤ ማያያዣውን ስትነኩ `File` የሚለውን ምረጡ። ያኔ እንዳለ ይመጣል።

ከስሙ ሥር ያለው መግለጫ ራሱን የቻለ ምግብ መስሎ ይገባል። ምን ላድርግ?

"በያይነቱ" ከሥሩ "ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ሽሮ" ካለ ፕሮግራሙ አምስት ምግብ አይልም፣ ሁለት መስመር ግን ይላል። የሚለዩት ሦስት ምልክቶች አሉ። መግለጫው በቁመት ያንሳል፤ `height` ላይ ስሙ 44 ከሆነ መግለጫው 30 አካባቢ ነው። ብዙ ጊዜ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ይጀምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋጋ የለውም።

የመጨረሻውን ምልክት ብቻውን አትመኑት። አሳ ጉላሽም ዋጋ አልነበረውም። ዋጋ ስለሌለው ብቻ መግለጫ ነው ብትሉ የምስር ወጥ መግለጫ "አሳ ጉላሽ" ይሆናል። ቁመቱን እዩ።

ረጅም ስም ሁለት መስመር ሲይዝም ያስቸግራል። "ስፔሻል ሸክላ ጥብስ ከአዋዜና ከእንጀራ ጋር" በሁለት መስመር ከተጻፈ ዋጋው አንዴ ከላይኛው፣ አንዴ ከታችኛው፣ አንዴ ከመሀላቸው ይቀመጣል። ሜኑውን ያዘጋጀው ሰው ልማድ ነው። አንድ ሜኑ ውስጥ ግን ልማዱ አይቀያየርም። የመጀመሪያውን አይታችሁ ደንቡን ያዙ።

አንድ ምግብ ሁለት ዋጋ ካለውስ?

ሁለት ረድፍ ይሁን። አንድ ረድፍ፣ አንድ ዋጋ። "420/240" ብላችሁ አንድ ሳጥን ውስጥ ከከተታችሁት ነገ መደመርም መደርደርም አይቻልም። ከላይ "ሙሉ" እና "ግማሽ" የሚል ርዕስ ካለ እንዲህ ይወጣል፦

```
ክፍል|ስም|መግለጫ|መጠን|ዋጋ|ማስታወሻ
የጾም|በያይነቱ|ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ሽሮ||180|
የጾም|አሳ ጉላሽ||||እንደ ገበያው
የጾም|የጾም ፍርፍር|||120|
የፍስክ|ጥብስ|በቃሪያና በሽንኩርት|ሙሉ|420|
የፍስክ|ጥብስ|በቃሪያና በሽንኩርት|ግማሽ|240|
```

አንድ ምግብ ሁለት ርዕስ ሥር አንድ ቁጥር ብቻ ሲኖረውስ? ከግራ ያለውን ርቀት፣ `left` የሚለውን እዩ። ቁጥሩ "ሙሉ" ከሚለው ርዕስ ሥር ነው ወይስ "ግማሽ" ከሚለው? እዚህ ላይ ከፍታው ሳይሆን አግድሙ ነው የሚፈርደው። "ጥሬ ሥጋ በኪሎ" ካለ ደግሞ "ኪሎ" የሚለውን መጠን ውስጥ አስገቡ፤ ስሙ ውስጥ ተጣብቆ አይቅር።

ለምን | ተጠቀምክ? ኮማ አይሻልም?

መግለጫ ውስጥ ኮማ ስለሚበዛ። የአማርኛዋ ነጠላ ሰረዝ (፣) ከእንግሊዝኛው ኮማ ሌላ ምልክት ናት፤ እሷ ዓምድ አትሰብርም። ችግሩ ብዙ ሜኑ ላይ የተተየበው የእንግሊዝኛው መሆኑ ነው። ፕሮግራሙም አንዱን በሌላው ያነበዋል። በ`|` ብትለዩት ከዚህ ሁሉ ትገላገላላችሁ።

ቁጥሩ ራሱ ተሳስቶ ሲነበብ እንዴት አውቃለሁ?

ሦስት ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። አንደኛው "150.00" ነጥቡ ጠፍቶ "15000" ይሆናል። ይሄ ቀላል ነው፤ ዋጋውን ከትልቅ ወደ ትንሽ ስትደረድሩት ከላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ስምና ዋጋን የሚያገናኙት ነጠብጣቦች ናቸው። "ሽሮ ........ 130" ሲል ነጠብጣቡ ወደ ማይታወቅ ፊደል ይቀየራል፤ አንዳንዴም ከቁጥሩ ጋር ይጣበቃል። ሦስተኛው 0 እንደ `o`፣ 1 እንደ `l` መነበቡ ነው።

የዋጋውን ዓምድ ብቻ ቆርጣችሁ ሁለተኛ ጊዜ ማስነበብ ጥሩ ማመሳከሪያ ነው፦

```
tesseract waga.png waga -l eng --psm 6 -c tessedit_char_whitelist=0123456789.
```

ይህ "ቁጥርና ነጥብ ብቻ ጻፍ" የሚል ትዕዛዝ ነው። ሁለቱ ንባቦች ያልተስማሙበትን ዋጋ ብቻ ከወረቀቱ ታያላችሁ። ግን በዚህ ብቻ አትመኑ። "እንደ ገበያው" የሚለውን ወይ ይዘለዋል፣ ወይ ከፊደሉ ቁጥር ይፈጥራል። የእኔ የአሳ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው የጀመረው።

ፋይሉ ላይ `conf` የሚል ዓምድም አለ፤ ፕሮግራሙ በንባቡ ምን ያህል እንደተማመነ ከ100 ይናገራል። ዝቅ ያሉትን አስቀድሞ ለማየት ይጠቅማል። ግን እሱ የሚናገረው ስለ ፊደሉ ነው። 120 የሚለውን በደንብ አንብቦት ሊሆን ይችላል፤ የማን ዋጋ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ምኑን ልፈትሽ?

መጀመሪያ ቁጠሩ። ከወረቀቱ ላይ፣ በጣት፣ በየዓምዱ። ስንት ምግብ፣ ስንት ዋጋ? እኩል ካልሆኑ የትኛው ምግብ ዋጋ እንደሌለው በስም ጥሩ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ዓምድ ሦስት ምግብ አመሳክሩ፤ የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውንና ከመሀል አንዱን። ዋጋ መንሸራተት አንዴ ከጀመረ ወደ ታች ስለሚቀጥል ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ምግብ ያጋልጠዋል፤ እንደ እኔ በእጃችሁ ካልሞላችሁት በቀር።

ፊደል ላይስ? ሸሮ፣ ጥብሰ እያለ ይጽፍልኛል።

የምግብ ስም ጥቂት ስለሆነ ይሄ ቀላሉ ክፍል ነው። የለመዳችሁትን የምግብ ስም ዝርዝር አንዴ ጻፉና ከእሱ ጋር አስተያዩ። "ሸሮ" ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ "ሽሮ" አለ። ጨረሳችሁ። ጌጠኛ ፊደል የተጻፈበት ርዕስ ካለ ግን ፕሮግራሙን አታድክሙ፣ በእጅ ተይቡት።

ሞክሼ ፊደላት ላይ የኔ አቋም እንዲህ ነው። ሜኑው "ዓሣ" ካለ ዓሣ፣ "አሳ" ካለ አሳ ብዬ እተወዋለሁ። የሰው ሜኑ ነው፣ አርታኢ አልተደረግኩም። ለፍለጋ የሚያስፈልግ ከሆነ ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፈበት ሌላ ዓምድ ጨምሩ።

በስቲከር ወይም በእስክሪብቶ የተቀየረ ዋጋስ?

ስቲከሩ አሁን የሚሠራበት ዋጋ ነው፣ እሱን ያዙ። በእስክሪብቶ የተሰረዘውን ግን ፕሮግራሙ አያነበውም፤ አሮጌውንና አዲሱን ደባልቆ የማይሆን ቁጥር ያወጣል። እነዚህን በእጅ ተይቡና ማስታወሻው ላይ "በእጅ የታረመ" በሉ። ባለቤቱን ደውሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንዳንዱ ስቲከር ራሱ አርጅቷል።

ከታች "ዋጋው ቫትን አይጨምርም" ይላል። ልጨምርበት?

አትጨምሩ። ዋጋ የሚለው ዓምድ የታተመውን ብቻ ይያዝ። ቫት 15 በመቶ ነው፤ 180 የተባለው በያይነቱ ሲከፈል 207 ይሆናል። ግን ያንን አስልታችሁ በ180ው ቦታ ካስገባችሁት ነገ የትኛው የታተመ፣ የትኛው የተሰላ እንደሆነ ማንም አያውቅም። "ቫት" የሚል ዓምድ ጨምሩና "ያልተካተተ" በሉት።

እንደ "ሥጋችን ሐላል ነው" ያለ ከላይ ወይም ከታች ያለ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ከተጻፈ ይቀመጣል። ካልተጻፈ ከቤቱ ስም ወይም ከባለቤቱ ስም ገምታችሁ አትሙሉ። ወሎ ውስጥ ይህ የሚገመት ነገር አይደለም፤ ይጠየቃል።

ኤክሴል ላይ ስከፍተው አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሆነ።

ፋይሉ አልተበላሸም። ፋይሉን ሁለቴ ነክታችሁ ስትከፍቱት ኤክሴል በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ መሆኑን ስላላወቀ ነው። ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ `Data` ከሚለው ሥር `From Text/CSV` በሉ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ `File Origin` ላይ `65001: Unicode (UTF-8)` አድርጉ፣ መለያውን `|` በሉት። ሊብረኦፊስ የምትጠቀሙ ከሆነ ሲከፈት ራሱ ይጠይቃችኋል። ያ የተበላሸ የሚመስለውን ገጽ `Save` እንዳትሉት ብቻ፤ ያኔ በእውነት ይበላሻል።

ይህ ሁሉ ከመልፋት በእጅ መተየብ አይሻልም?

አንድ ገጽ፣ ሃያ ምግብ፣ መግለጫ የሌለው ከሆነ ይሻላል። እኔም እተይበዋለሁ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። በፎቶ የምሄደው መግለጫ ያለው፣ ከስልሳ ምግብ በላይ የሆነ፣ ወይም አንድ ባለቤት የደሴውንና የኮምቦልቻውን ቅርንጫፍ ሜኑ አምጥቶ "የትኛው ላይ ዋጋ እንደሚለያይ አሳየኝ" ሲለኝ ነው። ሁለቱ ሠንጠረዥ ከሆኑ በኋላ በስም ማገናኘት ነው፤ ልዩነቱ ራሱ ይወጣል። ያኔም ቢሆን ዋጋ የሌላቸውን ምግቦች በመጀመሪያ ነው የምፈልገው።